ሲኖውን የሚሸከመው ዘይት

ሀና ማርያምንና በንፋስ ስልክ ላፍቶ ደቡባዊ ጫፍ ያሉትን አዳዲስ ሰፈሮች የሠራው ሲኖ ነው ቢባል ብዙ ማጋነን አይሆንም። አሸዋው፣ ጠጠሩና ብረቱ የመጣው በዚህ መኪና ጀርባ ነው። ጭነቱን ጎማና ባሌስትራ እንደሚሸከሙት መንገድ ዳር የቆመ ሰው ሁሉ ያያል። ሞተሩ ውስጥ ያለውን ሸክም የሚሸከመው ግን አይታይም፤ ብዙ ሰውም ብረት ይመስለዋል። በሀገራችን በብዛት የገባው የሲኖ ሞተር የአንዱ ሲሊንደር ስፋት 126 ሚሊ ሜትር ነው። መኪናው በሙሉ ጉልበቱ ሲጎትት ናፍጣው በተቃጠለ ቁጥር ሲሊንደሩ ውስጥ የሚፈጠረው ግፊት 140 ባር ይደርሳል ብንል፣ ፒስተኑ አናት ላይ የሚያርፈው ኃይል ከ17 ቶን በላይ ነው። አንድ ጭነት ሙሉ አሸዋ በአንድ ፒስተን ላይ ተገለበጠ ማለት ነው። ይህ ኃይል በቢየላው በኩል ወደ ኮሎው ይወርዳል። ቢየላው ኮሎውን የሚያቅፈው ብሮንዝ በሚባሉ ሁለት ግማሽ ክብ ቅርፊቶች ሲሆን፣ በብሮንዙና በኮሎው መካከል ያለው ክፍተት አንድ ሚሊ ሜትር ለአሥር ቢካፈል እንኳ አይሞላም። ፍንዳታው በሚበረታበት ቅጽበት ደግሞ በሁለቱ መካከል የሚቀረው ዘይት ወደ ጥቂት ማይክሮን ይሳሳል። የሰው ፀጉር 70 ማይክሮን ገደማ ነው። 17 ቶኑን የሚሸከመው ያ ዘይት ነው።

እንዴት ይሸከማል ለሚለው ጥያቄ ጋራዥ ውስጥ ተደጋግሞ የሚሰማው መልስ «ፓምፑ ይገፋዋል» የሚል ነው። ቁጥሩ ግን ይህን አይደግፍም። የዘይት ፓምፕ የሚሰጠው ግፊት ሞተሩ ሲሮጥ አራት ወይም አምስት ባር ቢሆን ነው፤ በአንድ ካሬ ሴንቲ ሜትር ላይ አምስት ኪሎ ገደማ መሆኑ ነው። የቢየላው ብሮንዝ 8 ሴንቲ ሜትር በ3.6 ሴንቲ ሜትር ቢሆንና 17ቱ ቶን በዚያ ላይ ቢያርፍ፣ በእያንዳንዱ ካሬ ሴንቲ ሜትር ላይ የሚወድቀው 600 ኪሎ ያህል ነው። ፓምፑ ከመቶ አንድ እጁን እንኳ አይችለውም። የፓምፑ ሥራ ዘይቱን እስከ በሩ ማድረስ ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለውን ሥራ የሚሠራው ኮሎው ራሱ፣ በመዞሩ ነው።

ይህ የታወቀው በአጋጣሚ ነበር። በ1880ዎቹ መጀመሪያ (በአውሮፓውያን አቆጣጠር) ቦሻም ታወር የተባለ እንግሊዛዊ መሐንዲስ የባቡር አክስል ተሸካሚዎችን ይፈትን ነበር። አክስሉ ከታች ዘይት ውስጥ ተነክሮ ይዞራል፣ ተሸካሚው ከላይ ተጭኖታል። ታወር ዘይት ለማጠጫ ብሎ ተሸካሚው አናት ላይ ቀዳዳ አበጅቶ ነበር፤ አክስሉ መዞር ሲጀምር ግን ዘይቱ በቀዳዳው ወደ ላይ ወጥቶ መፍሰስ ጀመረ። በቡሽ ደፈነው፤ ቡሹ ተገፍቶ ወጣ። የእንጨት ውታፍ ሰካበት፤ እሱም ተተፋ። የግፊት መለኪያ ሲገጥምበት መርፌው የመለኪያውን ጫፍ፣ 14 ባር ገደማውን፣ አለፈ፤ ተሸካሚው ላይ የተጫነው ክብደት በአማካይ ሲሰላ ግን የዚያ ግማሽ ያህል ብቻ ነበር። ይህን ግፊት የሚፈጥር ፓምፕ አልነበረም። ኦዝቦርን ሬይኖልድስ በ1886 ምክንያቱን በሂሳብ አሳየ። ጭነት ያለበት አክስል ከተሸካሚው ጋር መሃል ለመሃል አይቀመጥም፤ ወደ አንድ ጎን ይጠጋል። ስለዚህ ክፍተቱ በአንድ በኩል ሰፊ፣ በሌላው በኩል ጠባብ ይሆናል። የሚዞረው ብረት የያዘውን ዘይት ከሰፊው ወደ ጠባቡ እየጎተተ ያስገባዋል፤ ዘይቱ ዝልግልግ በመሆኑ ቶሎ ማምለጫ ስለሌለው ግፊቱ ያድግና ብረቱን ያነሳዋል። በሐምሌ ዝናብ በቀለበት መንገድ ላይ በፍጥነት የሚሄድ የቤት መኪና ጎማ ውኃው ላይ ተንሳፍፎ አስፋልቱን የሚለቀው በዚሁ ሕግ ነው፤ ልዩነቱ እዚያ የምንፈራውን እዚህ የምንፈልገው መሆኑ ነው።

እንግዲህ ሽፋኑ ዘይት ስለተጨመረ ብቻ የሚኖር ነገር አይደለም። በሦስት ነገሮች ሚዛን ላይ የቆመ ነው፦ የዘይቱ ውፍረትና የዙሩ ፍጥነት ሲጨምሩ ያድጋል፣ ጭነቱ ሲጨምር ይሳሳል። ቀጭን ዘይት ከባድ ጭነት ላይ ለምን እንደሚወድቅ ለመረዳት ሦስቱን አንድ ላይ ማየት ያስፈልጋል፤ ለዚህም ከአባይ በረሃ የተሻለ መፈተኛ የለም። ጭነት የያዘ መኪና ድልድዩን ተሻግሮ ወደ ደጀን ወይም ወደ ጎሐ ጽዮን ሲወጣ፣ በ20 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ከ1,000 ሜትር በላይ ቀጥ ብሎ መነሳት አለበት። ሜዳ ላይ በ2,000 ዙር፣ በመካከለኛ ጭነትና በ100 ዲግሪ የዘይት ሙቀት ሲሄድ ያለውን ሚዛን አንድ ብለን እንነሳ። ዳገቱ ላይ ሾፌሩ ማርሽ ሳይቀንስ በ1,200 ዙር ቢያንገታግተው ፍጥነቱ ወደ 0.6 ይወርዳል። እያንዳንዱ ፍንዳታ በአንድ ተኩል እጥፍ ቢከብድ፣ ያ ብቻውን ሚዛኑን ወደ ሁለት ሦስተኛ ያወርደዋል። ቆላው ሞቃት ነው፣ ሞተሩም ደክሟል፤ ዘይቱ 120 ዲግሪ ቢደርስ የተለመደው 15ደብሊው-40 ከነበረው ውፍረት የሚቀረው ስድሳ ከመቶ ትንሽ ቢያልፍ ነው። ሦስቱን ብናባዛቸው የቀረው ሩብ ነው። ሽፋኑ በትክክል በዚሁ ልክ ይሳሳል ማለት አይደለም፤ አቅጣጫው ግን ይኸው ነው፣ የቀረውም መጠባበቂያ ትንሽ ነው።

ቀጭን ዘይት የሚመጣው እንግዲህ እዚህ ሩብ ላይ ነው። በዓለም አቀፉ የዘይት ደረጃ መሠረት 15ደብሊው-40 ዘይት በ150 ዲግሪ፣ በጠባብ ክፍተት ውስጥ በፍጥነት ሲፈተግ፣ ውፍረቱ ቢያንስ 3.7 ሚሊ ፓስካል ሰከንድ መሆን አለበት፤ 5ደብሊው-30 ግን 2.9 ከሆነ ያልፋል። ልዩነቱ ሃያ ከመቶ ያህል ነው። ሜዳ ላይ ይህ ልዩነት ነዳጅ ከመቆጠብ በቀር አይታወቅም። ዳገቱ ላይ ግን ሩቡን ወደ አምስተኛ ያወርደዋል፤ የኮሎው ገጽ መስተዋት ቢመስልም በማይክሮን ዓይን ኮረብታና ሸለቆ ያለው ነውና፣ ኮረብታዎቹ መነካካት ይጀምራሉ። መነካካት ሙቀት ይፈጥራል፣ ሙቀቱ የቀረውን ዘይት ይበልጥ ያቀጥነዋል፣ የቀጠነው ዘይት ይበልጥ ያነካካል። ሞተር በደቂቃዎች ውስጥ የሚነክሰው ይህ ዙር ራሱን መመገብ ሲጀምር ነው።

«ታዲያ አዳዲሶቹ የቤት መኪኖች 0ደብሊው-20 እየጠጡ እንዴት ደኅና ይሄዳሉ?» የሚል ጥያቄ ይነሳል፤ ጥያቄውም ትክክል ነው። መልሱ ዘይቱ ውስጥ ሳይሆን ሞተሩ ውስጥ ነው። ያ ሞተር ከመነሻው ለቀጭን ዘይት ተሰልቶ የተሠራ ነው፤ የኮሎው ገጽ በጣም ተወልውሏል፣ የሚሸከመው ኃይል ትንሽ ነው፣ አብዛኛውን ዕድሜውንም በቀላል ጭነት ያሳልፋል። ሌሎች ደግሞ ዘይቱ ውስጥ ባለው የዚንክና የፎስፈረስ ቅመም ይተማመናሉ። ቅመሙ ብረት ከብረት ሲነካካ ገጹ ላይ መሥዋዕት የሚሆን ቅርፊት እየሠራ በእርግጥ ያድናል፤ በተለይ ካም ሻፍቱ ላይ ውለታው ትልቅ ነው። ግን መውደቂያን ያለሰልሳል እንጂ ሸክም አያነሳም፤ ለስላሳው ብሮንዝ ደግሞ በቅመም ላይ ሊኖር የታሰበ አይደለም።

ተቃራኒው ስህተትም አለ። ቀጭኑ አደገኛ ከሆነ በጣም ወፍራሙ ይሻላል ብሎ 50 ቁጥር የሚሞላ አይጠፋም። ወፍራም ዘይት ግን ገና ሲፈተግ ራሱን ያሞቃል፣ ነዳጅ ይበላል፣ ጠዋት ሞተሩ ሲነሳም ራቅ ወዳለው ብሮንዝ ለመድረስ ይዘገያል፤ ከብሮንዝ መበላት ብዙው የሚሆነው ደግሞ ሽፋኑ ገና ባልተፈጠረባቸው በነዚያ የመነሻ ሰከንዶች ነው። በሌላ በኩል «ጠዋት ይበርዳል» ተብሎ የሚሸጠው 5ደብሊው እኛ ጋ ብዙ ምክንያት የለውም። 15ደብሊው የተባለ ዘይት ከዜሮ በታች 25 ዲግሪ ድረስ በፓምፕ ሊገፋ የሚችል ነው፤ የአዲስ አበባ ኅዳር እንኳን ወደዚያ አጠገቡም አይደርስም። ለከባድ መኪና ተብለው የሚሠሩ፣ በ150 ዲግሪው ፈተና ከ3.5 በላይ የሚያመጡ 5ደብሊው-30 ዘይቶች መኖራቸውም መዘንጋት የለበትም። ስለዚህ ሾፌሩ ማየት ያለበት የጣሳውን ትልቅ ቁጥር ብቻ ሳይሆን የሞተሩ አምራች የጠየቀውን ደረጃ ነው።

ይህ ሁሉ ደግሞ ትክክለኛ ዘይት ተገዝቶ እንኳ ሊበላሽ ይችላል። የሚያንጠባጥብ ኢንጀክተር ያልተቃጠለ ናፍጣ በፒስተኑ ጎን ወደ ዘይቱ ያወርዳል፤ ከመቶ አምስት እጅ ያህል ናፍጣ 40 ቁጥሩን ወደ 30 ቁጥር ለማውረድ ይበቃል። ምልክቱ ከሚጠበቀው ተቃራኒ ነው፦ የዘይቱ መጠን ይጨምራል። ሳይሞላ መለኪያው ዘንግ ላይ ከፍ ብሎ የተገኘና ናፍጣ ናፍጣ የሚሸት ዘይት ዕድሜው ባይደርስም መውጣት አለበት፤ ኢንጀክተሩም መታየት። የግፊት መለኪያው እዚህ ላይ ከፊል ምስክር ነው። ሞተሩ ሞቆ በባዶ ሲዞር መርፌው ከወትሮው ከወረደ ዘይቱ ቀጥኗል ወይም ብሮንዙ ሰፍቷል ማለት ነው። መርፌው ደኅና ነው ማለት ግን ሽፋኑ ደኅና ነው ማለት አይደለም፤ የሚለካው ዘይቱ በበሩ መድረሱን እንጂ ከበሩ ወዲያ 600 ኪሎውን መቻሉን አይደለምና። ሾፌሩ እጅ ላይ ያለው ፈጣኑ መድኃኒት ማርሽ መቀነስ ነው፤ ያው ጉልበት በብዙ ዙር ሲከፋፈል የእያንዳንዱ ፍንዳታ ክብደት ይቀንሳል፣ ፍጥነቱም ያድጋል፣ ሁለቱም ሽፋኑን ያነሱታል።

ሞተሩ ሲወርድ ደግሞ ብሮንዙ ራሱ ይናገራል። ቅርፊቱ ከኋላ ብረት፣ በላዩ መዳብ ያለበት ድብልቅ፣ ከሁሉ ላይ ደግሞ ሃያ ማይክሮን ገደማ የሆነ ግራጫ ለስላሳ ሽፋን አለው። ቢየላውን ከላይ የሚገፋው ፍንዳታው በመሆኑ ሸክሙን የሚቀበለው የቢየላው የላይኛው ግማሽ ነው፤ ኮሎውን ከሞተሩ አካል ጋር በያዙት ዋና ብሮንዞች ላይ ግን የታችኛው ግማሽ ነው። ግራጫው ተጠርጎ መዳብማው ቀለም የወጣው በነዚህ ግማሾች መሃል ላይ ብቻ ከሆነና ሌሎቹ ግማሾች እንደ አዲስ ከሆኑ፣ ዘይቱ ነበረ፣ ደርሷል፣ ሸክሙን ግን አልቻለም። ሁለቱም ግማሾች ጠቁረው ወይም ሰማያዊ መስለው ከተገኙ ዘይት ጭራሽ አልደረሰም፤ ጥፋቱ የፓምፕ፣ የፍልትሮ ወይም የባዶ ኮፓ ነው። ዙሪያውን እንደ ክር የተጫረና ደቃቅ ፍርፋሪ የተሰካበት ከሆነ ደግሞ የገባው ቆሻሻ ነው። ሦስቱን ሳይለዩ አዲስ ብሮንዝ ገጥሞ ያንኑ ዘይት መሙላት ጥገናውን ለሁለተኛ ጊዜ መክፈል ነው፤ በመጀመሪያው ምልክት ላይ የሚለወጠው የዘይቱ ደረጃ ወይም የሾፌሩ ማርሽ አያያዝ ነው፣ በሁለተኛው ፓምፑ ይፈታል፣ በሦስተኛው ኮሎውና የዘይት መተላለፊያ ቀዳዳዎቹ ሁሉ ሳይታጠቡ ሞተሩ አይገጠምም።