ዳሽቦርዱ «ዛሬ ታድሷል» ሲል የታደሰው ምኑ ነው?

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ቁጥሮቹ ለማስረዳት የተቀመጡ ናቸው። በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ የክትባት ሥራን የምትከታተል አንዲት ባለሙያ ማክሰኞ የካቲት 3 ቀን 2018 ጠዋት ቢሮዋ ገብታ ኮምፒውተሯን ከፈተች። ዳሽቦርዱ ላይ የኩፍኝ ክትባት የመጀመሪያ መጠን የወሰዱ ሕፃናት ቁጥር በየወሩ በግራፍ ተቀምጧል። ታኅሣሥ ላይ 900፣ ጥር ላይ 630 ይላል። ከግራፉ በላይ በትንሽ ፊደል እንዲህ የሚል ጽሑፍ አለ፦

```
Last updated: 2026-02-10 02:00
```

ይህ ማለት ዛሬ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ነው። መረጃው ትኩስ ነው ብላ አመነች። በአንድ ወር 270 ሕፃናት ቀርተዋል ማለት ነው። የኩፍኝ የመጀመሪያ መጠን የሚሰጠው ሕፃኑ 9 ወር ሲሞላው ስለሆነ የቀሩትን ቶሎ ማግኘት ያስፈልጋል። አየር ጤና እና ዘነበወርቅ አካባቢ የቤት ለቤት ፍለጋ እንዲጀመር ደብዳቤ ማርቀቅ ጀመረች። ከመፈረሟ በፊት ግን ወደ አንድ ጤና ጣቢያ ደወለች።

«የጥር ሪፖርታችሁ ምን ላይ ደረሰ?»

«ተሠርቶ ተቀምጧል እህቴ፤ ሲስተሙ ላይ አልገባም። ኔትወርክ የለም፣ መረጃ የሚያስገባው ልጅም ፈቃድ ላይ ነው።»

ሌሎች ሁለት ጤና ጣቢያዎችም እንደዚሁ ሆነው ተገኙ። በአካባቢው 10 ጤና ጣቢያ አለ፣ እያንዳንዱ በወር 90 ሕፃናት ገደማ ይከትባል ብንል፣ የጎደለው 270 የሦስቱ ጣቢያዎች ድርሻ ነው። ሕፃናቱ ተከትበዋል፤ ያልመጣው ሪፖርቱ ነው። ሌሊት 8 ሰዓት የሚለው ጽሑፍ አልዋሸም። የመለሰው ግን ማንም ያልጠየቀውን ጥያቄ ነበር።

ለምን እንደዚህ እንደሆነ ለመረዳት አንድ ቁጥር ከክትባት ክፍሉ እስከ ስክሪኑ የሚሄድበትን መንገድ እንከተል። ነርሷ ሕፃኑን ከከተበች በኋላ መዝገብ ላይ ትጽፋለች፣ የድምር ወረቀቱ ላይም ምልክት ታደርጋለች። በኢትዮጵያ የጤና ሪፖርት አሠራር ወሩ የሚቆጠረው ከ21 እስከ 20 ነው፤ የጥር ሪፖርት የሚባለው ከታኅሣሥ 21 እስከ ጥር 20 የተሠራውን ይይዛል። ጥር 20 ሲያልፍ ወሩ ይደመራል፣ ይፈተሻል፣ ከዚያም ዲኤችአይኤስ 2 በሚባለው ሲስተም ውስጥ ይገባል። ይህ ሲስተም በኦስሎ ዩኒቨርሲቲ የሚመራ ሲሆን አገራችንም ከ2010 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ትጠቀምበታለች።

እዚህ ላይ ብዙ ተጠቃሚ የማያየው አንድ ደረጃ አለ። ዳሽቦርዱ ግራፉን የሚስለው ጤና ጣቢያው ካስገባው ጥሬ ቁጥር በቀጥታ አይደለም። ጥሬው ቁጥር በቅድሚያ የተደመረባቸው ሌሎች ሠንጠረዦች አሉ፤ እነሱን እንደ አዲስ የሚገነባ አውቶማቲክ ሥራ አለ፤ ይህም ብዙውን ጊዜ ሰው በማይጠቀምበት ሌሊት እንዲሠራ ይደረጋል። ሲስተሙ ይህ ሥራ ለመጨረሻ ጊዜ የተሳካበትን ሰዓት `lastAnalyticsTableSuccess` በሚል ስም መዝግቦ ይይዛል። ዳሽቦርድ የሚሠራ ሰው ሰዓት ፍለጋ ሲገባ መጀመሪያ የሚያገኘው ይህን ነው፤ አንስቶም «ለመጨረሻ ጊዜ የታደሰው» ብሎ ይለጥፈዋል።

ልዩነቱን መሥሪያ ቤት የሠራ ሁሉ ያውቀዋል። መዝገብ ቤት የገባ ደብዳቤ ሁለት ቀን አለው፤ አንዱ ደብዳቤው የተጻፈበት፣ ሌላው የገቢ ማህተም የተመታበት። ታኅሣሥ ላይ ተጽፎ የካቲት ላይ ማህተም የተመታበትን ደብዳቤ ማንም የየካቲት ደብዳቤ አይለውም። የሌሊቱ ሥራ ሰዓት ከገቢ ማህተሙም የባሰ ነው። የሚመስለው የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ በየማለዳው መደርደሪያውን አራግፎ፣ አዲስ ደብዳቤ ኖረም አልኖረም፣ በሁሉም ፋይል ላይ የዕለቱን ቀን ቢመታ ነው።

የሌሊቱ ሥራ አዲስ ነገር ባይመጣም አይወድቅም። ያለውን እንደገና ይደምርና «በተሳካ ሁኔታ ተጠናቋል» ይላል፤ ሥራው መደመር እንጂ መጠበቅ አይደለምና። ስለዚህ ሦስት ጤና ጣቢያ ቢቀር፣ አሥሩም ቢቀሩ፣ ሰዓቱ በየሌሊቱ ይታደሳል። ይህ ሰዓት የሚይዘው አንድ ዓይነት ብልሽት ብቻ ነው፤ ሰርቨሩ ወይም ሥራው ራሱ ሲቆም። የመረጃው ዕድሜ ግን ሁለቱንም ይይዛል። ዕድሜው የሚሰላው ግራፉ ከሚያነበው ሠንጠረዥ እስከሆነ ድረስ ጤና ጣቢያው ቢዘገይም ዕድሜው ይጨምራል፣ የሌሊቱ ሥራ ቢቆምም ይጨምራል። አንድ ጽሑፍ ብቻ የሚለጠፍበት ቦታ ካለ መለጠፍ ያለበት ይህ ነው።

ታዲያ ዕድሜው እንዴት ይሰላል? ለእያንዳንዱ ጤና ጣቢያ የመጨረሻው የተሟላ ሪፖርት የሚሸፍነው ጊዜ መቼ እንዳበቃ ይፈለግና ከዛሬ ቀን ላይ ይቀነሳል። በምሳሌያችን ሰባቱ የጥርን አስገብተዋል፤ መረጃቸው የሚያበቃው ጥር 20 ነው፣ የካቲት 3 ላይ 13 ቀን ሆኖታል። ሦስቱ የቆሙት ታኅሣሥ 20 ላይ ነው፣ 43 ቀን። አማካይ ወስዶ «22 ቀን» ማለት አይጠቅምም፤ 22 ቀን የሆነው መረጃ የትም የለም። ከሁሉ አዲሱን ወስዶ «13 ቀን» ማለትም ያሳስታል፤ አንድ ቀልጣፋ ጤና ጣቢያ የዘጠኙን መዘግየት ይሸፍንላቸዋል። የሚሻለው ቁጥሩን ከነክፍፍሉ መጻፍ ነው፦

```
ኩፍኝ 1ኛ መጠን
እስከ ጥር 20 (13 ቀን): ከ10 ጤና ጣቢያ 7ቱ
እስከ ታኅሣሥ 20 (43 ቀን): 3ቱ
```

ባለሙያዋ ይህን አይታ ቢሆን 630 የአሥር ሳይሆን የሰባት ጤና ጣቢያ ቁጥር መሆኑን ወዲያው ትረዳ ነበር። 630 ለ7 ሲካፈል 90 ነው፤ ታኅሣሥ ላይም 900 ለ10 ያው 90 ነበር። የወረደ ነገር የለም።

በስሌቱ ላይ ሰው የሚሳሳትባቸው ሦስት ቦታዎች አሉ። የመጀመሪያው መዝገቡ የተነካበትን ሰዓት እንደ መረጃው ቀን መውሰድ ነው። አንድ ሠራተኛ ዛሬ ገብቶ የመስከረምን አንድ ስህተት ቢያርም፣ ያ መዝገብ «ዛሬ ተቀይሯል» ይላል። ቁጥሩ ግን የመስከረም ነው። ስለዚህ የሚታየው ሪፖርቱ የሚሸፍነው ጊዜ ነው፣ የተጻፈበት ሰዓት አይደለም።

ሁለተኛው የዘመን አቆጣጠር ነው። ቀኑ በእጅ በሚጻፍበት ሲስተም የእኛን 2018 ከፈረንጆቹ 2026 ጋር የሚያምታታ አይጠፋም። የእኛ ቀን እንደ ፈረንጆች ቀን ከተነበበ የትናንቱ መረጃ ከ7 ዓመት በላይ ያረጀ ይመስላል፤ በተገላቢጦሹ ደግሞ ገና ያልመጣ ቀን ይሆንና ዕድሜው ከዜሮ በታች ይወርዳል። ከዛሬ በኋላ የሆነ ቀን ሲገኝ መጣልና ለሠራተኛው ማሳወቅ ያስፈልጋል፤ አለበለዚያ ያ አንድ ስህተት ያንን ጤና ጣቢያ ለዓመታት ትኩስ አድርጎ ያቆየዋል። የሰርቨር ሰዓትም እንዲሁ መታየት አለበት። በዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት የተቀመጠ ሰርቨር የእኛን ሌሊት 8 ሰዓት `23:00` ብሎ በትናንትናው ቀን ይጽፈዋል።

ሦስተኛው ዜሮን ከዝምታ አለመለየት ነው። አንድ ጤና ጣቢያ በወሩ ውስጥ አንድም የተጠረጠረ የኩፍኝ ሕመምተኛ ባያይ ሠንጠረዡ ባዶ ሊሆን ይችላል፤ ሪፖርት ያላደረገውም እንዲሁ ባዶ ነው። የበሽታ ቅኝት ሠራተኞች «የዜሮ ሪፖርት» ብለው የሚጠይቁት ለዚህ ነው። ዲኤችአይኤስ 2 ላይ ደግሞ ቅጹ ሲያልቅ የሚጫን የማጠናቀቂያ ቁልፍ አለ። ሪፖርቱ መምጣቱ መታወቅ ያለበት በዚህ ማረጋገጫ ነው፤ ቁጥር በመኖርና ባለመኖር አይደለም።

ክፍፍሉ ለምን እንደሚያስፈልግ እንግሊዝ በኮቪድ ጊዜ አይታዋለች። ከመስከረም 25 እስከ ጥቅምት 2 ቀን 2020 በፈረንጆች አቆጣጠር 15,841 በምርመራ የተረጋገጡ ሰዎች ከዕለታዊው ቁጥር ውጭ ቀርተው ነበር። መረጃው የሚተላለፍበት የኤክሴል ፋይል ዓይነት ከ65,536 መስመር በላይ አይይዝምና የተረፈው ተቆረጠ። በእነዚያ ቀናት ዕለታዊው ቁጥር መውጣቱን አላቆመም፤ የገባውም አዲስ ነበር። ስለዚህ «ከሁሉ አዲሱ መዝገብ» ቢለጠፍም ኖሮ ምንም ባላጋለጠ ነበር። ሊያጋልጠው ይችል የነበረው ከየላቦራቶሪው የተላከው ስንት፣ የደረሰው ስንት የሚለው ንጽጽር ነው።

ዕድሜ ብቻውን ግን ማንንም አይከስም። ጥር 19 ላይ ሁሉም ጤና ጣቢያ መረጃው 29 ቀን ሆኖታል፤ ይህ ጤናማ ነው፣ ምክንያቱም አዲሱ ወር ገና አልተዘጋም። የየካቲት 3ቱ 43 ቀን ግን መዘግየት ነው። ስለዚህ ጽሑፉን ቀይ የሚያደርገው ደንብ «ከ30 ቀን በላይ» የሚል መሆን የለበትም። ወሩ ተዘግቶ ለማስገቢያ የተሰጠው ቀን አልፎም ሪፖርቱ ካልመጣ ያን ጊዜ ይቅላ። በየሳምንቱ ለሚመጣ የበሽታ ሪፖርት ደግሞ 13 ቀን ራሱ ብዙ ነው።

የሌሊቱ ሥራ ሰዓትም አይጣል። ዛሬ ጠዋት 4 ሰዓት ላይ ሪፖርቱን አስገብቶ «ለምን አይታይም?» ብሎ ለሚደውል ጤና ጣቢያ መልሱ እዚያ አለ፤ ቀጣዩ ግንባታ ሌሊት ነው፣ ነገ ጠዋት ይታያል። ቦታው ግን ከግራፉ አናት ሳይሆን ሲስተሙን የሚጠብቀው ባለሙያ በሚያየው ጥግ ነው፤ ስሙም «ሠንጠረዡ የተገነባበት ሰዓት» ይሁን።

ባለሙያዋ ያረቀቀችውን ደብዳቤ ዘጋችው። በቤት ለቤት ፍለጋው ፈንታ ለሦስቱ ጤና ጣቢያዎች ስልክ ተደወለ፤ ከሁለት ቀን በኋላም የጥር ቁጥር 900 ገባ።