ስሜቱ የማን ነው? ለሠልጣኝ አማካሪ የሚጻፍ የግብረ መልስ ደብዳቤ

የምክር አገልግሎት ሠልጣኝ ከተመካሪው ጋር ያለውን ወሰን ሲስት፣ ሱፐርቫይዘሩ የሚጽፍለት ደብዳቤ ብዙ ጊዜ ተግሣጽ ብቻ ይሆናል። ሠልጣኙም ከዚያ በኋላ ጥፋቱን ሳይሆን ማስታወሻውን ያርማል፤ የሚያስወቅሰውን መጻፍ ይተዋል። በዚህ ጽሑፍ ይህ እንዳይሆን ደብዳቤው እንዴት ቢጻፍ እንደሚሻል በአንድ ምሳሌ እንመለከታለን።

ተመካሪው በአማካሪው ላይ የሚያሳድረው ስሜት አማካሪውን ሲነካና የአማካሪውንም የቆየ ታሪክ ሲቀሰቅስ፣ በአማካሪው ውስጥ የሚነሣው ምላሽ ካውንተርትራንስፈረንስ ይባላል። ሲግመንድ ፍሮይድ በ1910 እ.ኤ.አ. ስለዚህ ሲናገር፣ ሐኪሙ በራሱ ውስጥ ሊያውቀውና ሊያሸንፈው የሚገባ ነገር አድርጎ አቀረበው። ፓውላ ሃይማን በ1950 እ.ኤ.አ. ባሳተመችው ጽሑፍ ደግሞ ይኸው ስሜት ተመካሪውን ለመረዳት የሚያገለግል መሣሪያ ሊሆን እንደሚችል አስረዳች። ጥሩ ደብዳቤ ሁለቱንም ይይዛል፤ ስሜቱን ያዳምጣል፣ ድርጊቱን ይወስናል።

ምሳሌው

ጉዳዩ ለማስተማሪያ የተዘጋጀ ነው። በይጁቤ የሚያገለግል አንድ ወጣት ሠልጣኝ፣ ልጃቸው አዲስ አበባ ሄዶ የማይጠይቃቸውን አንዲት መበለት ያማክራል። እርሳቸው «ልጄ» ይሉታል፤ እርሱም «እማማ» ይላቸዋል። ሠልጣኙ እናቱን ያጣው ከሁለት ዓመት በፊት ሲሆን፣ ይህን ሥልጠናውን ሲጀምር ለሱፐርቫይዘሩ ነግሮታል። ከአራት ሳምንት በኋላ ሱፐርቫይዘሩ እንዲህ ጻፈለት፦

«የተወደድህ ወንድሜ፣ ማስታወሻዎችህን አንብቤአለሁ። እማማ ስለ ባለቤታቸው ሲያለቅሱ ሳታቋርጥ መጠበቅህ ለእርሳቸው ዕረፍት እንደሆነላቸው ይታያል።

«ሦስት ነገሮችን ግን አስተውያለሁ። ለ50 ደቂቃ የተያዘው ጊዜ በአራተኛው ሳምንት ሁለት ሰዓት ሆኗል። ከኪስህ 500 ብር ሰጥተሃቸዋል። ሳያውቁም ለልጃቸው ደውለህ ወቅሰኸዋል። በማስታወሻህ ዳር ‹እንዲህ ያለች እናት እንዴት ትረሳለች?› ብለህ ጽፈሃል። ይህ ቁጣ የማን ነው? የእርሳቸው ነው ወይስ የአንተ? ወይስ የሁለታችሁ? መልሱን ለእኔ ማስረዳት የለብህም፤ ከሚቀጥለው ቀጠሮ በፊት ግን ለራስህ መልስ።

«ከአሁን በኋላ በ50 ደቂቃ ጨርስ። የገንዘብ ችግራቸውን እርሳቸው ሲፈቅዱ ለዲያቆናቱ እናሳውቃለን። ለልጃቸው መደወልህን ራስህ ንገራቸው፤ ይቅርታም ጠይቃቸው። የእናትህ ሐዘን ከተነሣብህ የምታነጋግረው ሌላ አማካሪ አለ፤ እኔ ሥራህን የምመዝን ነኝና ያን ቦታ መያዝ አይገባኝም።»

ደብዳቤው ለምን እንዲህ ተጻፈ?

ደብዳቤው «ወሰን የለህም» አላለም፤ ሰዓቱን፣ ብሩንና ስልኩን ጠራ። ባሕርዩ የተተቸበት ሰው ይከላከላል፤ ድርጊቱ የተነገረው ግን የሚያርመው ነገር ያገኛል።

ስለ ቁጣው ደግሞ ፍርድ ሳይሰጥ ጠየቀ። ማስታወሻዎቹን መልሶ ያነበበ ሰው እማማ በልጃቸው ላይ አንድም የቁጣ ቃል እንዳልተናገሩ ያያል፤ «ሥራ በዝቶበት ነው» እያሉ ያልፉታል። ምናልባት እናት በልጇ መቆጣት ነውር ሆኖባቸው ያልተናገሩትን ሠልጣኙ ተሸክሞት ይሆናል። የራሱን ሐዘን ከዚህ ከለየ በኋላ፣ ልጁን በመውቀስ ፈንታ «ልጅዎ ሳይመጣ ሲቀር ምን ይሰማዎታል?» ብሎ ሊጠይቃቸው ይችላል። ሳይለየው ከጠየቀ ግን የራሱን ቁጣ በአፋቸው ያኖራል። ጳውሎስ በገላትያ 6 አንዱ የሌላውን ሸክም እንዲሸከም ባዘዘበት ስፍራ፣ እያንዳንዱ የራሱን ሸክም እንደሚሸከምም ይናገራል። በግሪኩ ባሮስ እና ፎርቲዮን የተባሉ ሁለት የተለያዩ ቃላት ናቸው። አማካሪም ሁለቱን ለይቶ ማወቅ አለበት።

በትንሽ ከተማ

የከተማ መማሪያ መጻሕፍት አማካሪ ከተመካሪው ጋር ከቢሮ ውጭ እንዳይገናኝ ይመክራሉ። በይጁቤ ግን ሁለቱ በገበያ፣ በለቅሶ ቤትና በእድር ይገናኛሉ፤ የቀረበ ቡና አለመቅመስም ክብርን መንሣት ነው። ስለዚህ ወሰኑ በሲኒው ላይ ሳይሆን በንግግሩ ላይ ይሁን። ሠልጣኙ አስቀድሞ «እማማ፣ ውጭ ስንገናኝ ሰላም እንባባላለን፤ የያዝነውን ጉዳይ ግን በቀጠሯችን ብቻ እንነጋገራለን» ይበላቸው። ይህ አስቀድሞ ካልተነገረ፣ በገበያ ዝም ሲላቸው የተናቁ ይመስላቸዋል።

እርማቱ መሥራቱ በምን ይታወቃል?

ሱፐርቫይዘሩ በሚቀጥሉት ሳምንታት ቀጠሮው ያለቀበትን ሰዓት ይመልከት። ከዚያ በላይ ግን በማስታወሻው ውስጥ የሌለውን ይፈልግ፤ «ልትጽፈው ስትል የተውከው ነገር አለ?» ብሎ ይጠይቅ። ሠልጣኙ አሁንም ሰዓት ማሳለፉን ራሱ ከጻፈ ደብዳቤው ሠርቷል፤ የቀረው በጊዜ ይስተካከላል። ሁሉም ቀጠሮ በድንገት ልክ 50 ደቂቃ ሆኖ ከተጻፈና ስለ ስሜቱ ምንም ከሌለ ግን፣ ሠልጣኙ የተማረው መደበቅን ነው። ያን ጊዜ ሁለተኛ ደብዳቤ ከመጻፍ ፊት ለፊት ተቀምጦ መነጋገር ይሻላል።