«ማር ብቻ ነው» የተባለው ፓኬት

ለወንዶች ኃይል ይሰጣል ተብሎ በትንንሽ ፓኬት የሚሸጥ ማር አለ። በላዩ ላይ ማር፣ ጂንሰንግ፣ «መቶ በመቶ ተፈጥሯዊ» ተብሎ ተጽፎበታል። የማርን ፈውስነት ከሱረቱ ነሕል ስለተማርን ብዙዎቻችን አንጠራጠርም።

ሆኖም የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን እንዲህ ያሉ ምርቶችን በላቦራቶሪ አስመርምሮ በ2022 እ.ኤ.አ. አራት ድርጅቶችን አስጠንቅቋል። በማሩ ውስጥ ፓኬቱ ላይ ያልተጻፈ ሲልደናፊል ወይም ታዳላፊል ተገኝቷል። ሲልደናፊል በቪያግራ ስም የምናውቀው መድኃኒት ነው። ጂንሰንግ ለብቻው ሲጠና ግን ውጤቱ መድኃኒት ከሌለበት ክኒን እምብዛም አይለይም። ስለዚህ ማሩ በአንድ ሰዓት ውስጥ «ከሠራ» ልንደሰት ሳይሆን ልንጠረጥር ይገባል።

አደጋውን በምሳሌ እንየው። አንድ አባት ማታ ማሩን በላ፤ ጠዋት ደረቱን አመመውና ሆስፒታል ሄደ። ሐኪሙ «የወሰድከው መድኃኒት አለ?» ሲለው «የለም» አለ፤ አልዋሸም። ሐኪሙም ለልብ ሕመም የሚሰጠውን ናይትሮግሊሰሪን ሰጠው። ሁለቱም የደም ሥርን ስለሚያሰፉ ሲገናኙ የደም ግፊቱ ሕይወትን እስከሚያሳጣ ድረስ ሊወርድ ይችላል። ታዳላፊል ከተወሰደ ከአንድ ቀን በኋላም ይህ አደጋ አለ።

ይዘቱን የደበቀ ነጋዴ ጊሽ ሠርቷል። እኛ ግን ለሐኪም ማሩንም ጭምር እንንገር። ችግሩ ራሱ የስኳር ወይም የልብ ሕመም ምልክት ሊሆን ስለሚችልም በሐያእ ምክንያት ከምርመራ አንቅር።