የቦንድ ይልድ ቻርት ስለ አክሲዮን ገበያ የሚነግረንና የማይነግረን

አሜሪካ የሚኖሩና የጡረታ ቁጠባቸውን በአክሲዮን ፈንድ ያስቀመጡ ወገኖቻችን የገበያ ዜና ሲሰሙ አንድ ቁጥር ደጋግሞ ይጠራባቸዋል፤ የ10 ዓመቱ የአሜሪካ የግምጃ ቤት ቦንድ ይልድ። ይልድ ማለት ቦንዱን በዛሬው የገበያ ዋጋ ገዝቶ እስከ መክፈያው ቀን የሚይዝ ሰው በዓመት የሚያገኘው ትርፍ በመቶኛ ሲሰላ ነው። አክሲዮን ወዴት እንደሚሄድ ለመገመት ይህን ቻርት መመልከት ተገቢ ነው። ነገር ግን ስለ ቻርቱ በሰፊው የሚነገሩት ሕጎች በአንዱ ዘመን ሠርተው በሌላው የከሸፉ ናቸው። በእነሱ ተመርቶ ቁጠባውን የሸጠ ወይም የገዛ ሰው ደግሞ ኪሳራው እውነተኛ ነው። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታትና ወራት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አመለካከት 1፦ «ይልድ ሲወጣ ቦንድ የያዘ ሰው ያተርፋል»

እውነታው ተቃራኒው ነው። አንድ ቦንድ ከአንድ ዓመት በኋላ 1,040 ዶላር ይከፍላል እንበል። ዛሬ በ1,000 ዶላር ከተገዛ ይልዱ 4 በመቶ ነው። ገዢዎች 5 በመቶ ካላገኘን አንገዛም ካሉ ግን የቦንዱ ዋጋ ወደ 990 ዶላር ከ48 ሳንቲም ይወርዳል። የሚከፈለው 1,040 ዶላር አልተለወጠም፤ የተለወጠው መግዣው ነው። ስለዚህ የወጣው ይልድ የሚጠቅመው አዲሱን ገዢ ሲሆን፣ ቀድሞ የገዛው ሰው አሁን ቢሸጥ ይከስራል።

ጊዜው በረዘመ መጠን ጉዳቱም ይከብዳል። በየዓመቱ 4 በመቶ የሚከፍል የ1,000 ዶላር የ10 ዓመት ቦንድ፣ ይልዱ ወደ 5 በመቶ ሲወጣ ዋጋው ወደ 923 ዶላር ይወርዳል። ስለዚህ ወደ ላይ የሚወጣ የይልድ መስመር ያየ ሰው፣ በዚያው ቅጽበት ወደ ታች የሚወርድ የቦንድ ዋጋ እያየ መሆኑን ልብ ይበል።

አመለካከት 2፦ «ይልድ ከወጣ አክሲዮን ይወርዳል»

ይህ አባባል መነሻ አለው። የአንድ ኩባንያ አክሲዮን ዋጋ ወደፊት የሚገኘው ትርፍ ወደ ዛሬ ዋጋ ተመልሶ ሲሰላ ነው። ከ20 ዓመት በኋላ የሚገኝ 100 ዶላር በዓመት 6 በመቶ ሲመነዘር ዛሬ 31 ዶላር ያህል ያወጣል፤ በ8 በመቶ ሲመነዘር ግን 21 ዶላር ተኩል ያህል ብቻ ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ የሚገኝ 100 ዶላር በተመሳሳይ ለውጥ የሚወርደው ከ89 ወደ 86 ዶላር ገደማ ነው። የመንግሥት ቦንድ ይልድ የዚህ ስሌት መነሻ ስለሆነ፣ ሲወጣ በጣም የሚጎዱት ትርፋቸው ሩቅ ያለ ኩባንያዎች ናቸው።

በ2022 የታየውም ይኸው ነው። የ10 ዓመቱ ይልድ ዓመቱን በ1.5 በመቶ ገደማ ጀምሮ በ3.9 በመቶ ገደማ ጨረሰ። ኤስ ኤንድ ፒ 500 ከ19 በመቶ በላይ ወረደ። ብዙ የቴክኖሎጂ ኩባንያዎችን የያዘው ናስዳክ 33 በመቶ ሲያጣ፣ የቆዩ ትርፋማ ኩባንያዎች የሚያመዝኑበት ዳው ጆንስ ያጣው 9 በመቶ ያህል ብቻ ነበር።

እስከዚህ ድረስ ሕጉ የሠራ ይመስላል። አሁን 2013ን እንመልከት። በዚያ ዓመት የፌደራል ሪዘርቭ የቦንድ ግዢውን ሊቀንስ እንደሚችል ሲነገር የ10 ዓመቱ ይልድ ከ1.8 በመቶ አካባቢ ተነስቶ በዓመቱ መጨረሻ 3 በመቶ ደረሰ። አክሲዮን ግን አልወረደም፤ ኤስ ኤንድ ፒ 500 ወደ 30 በመቶ የሚጠጋ ጭማሪ አሳየ።

ልዩነቱ ከየት መጣ? ብዙዎች «በ2022 ይልዱን ያስወጣው የዋጋ ንረት ስለሆነ ነው» ይላሉ። ይህን በራስ ዓይን ማየት ይቻላል። የሴንት ሉዊስ ፌደራል ሪዘርቭ ባንክ FRED በተባለው የመረጃ ቋቱ ሦስት ተከታታይ ቻርቶችን ያወጣል። `DGS10` ዜና ላይ የሚጠራው ይልድ ነው። `DFII10` ከዋጋ ንረት የጸዳው ይልድ ሲሆን፣ `T10YIE` ደግሞ ገበያው ለመጪዎቹ 10 ዓመታት የሚጠብቀውን አማካይ የዋጋ ንረት ያሳያል። ሁለተኛውና ሦስተኛው ሲደመሩ የመጀመሪያውን ይሰጣሉ።

2022ን በእነዚህ ስንከፍለው ያልተጠበቀ ነገር እናያለን። ገበያው ለ10 ዓመት የሚጠብቀው የዋጋ ንረት በዓመቱ መጨረሻ ከመጀመሪያው በትንሹ ዝቅ ብሎ ነበር። ከዋጋ ንረት የጸዳው ይልድ ግን ከዜሮ በታች 1 በመቶ ከነበረበት ተነስቶ ከዜሮ በላይ 1.5 በመቶን አልፏል። ይልዱ የወጣው ገበያው ረጅም የዋጋ ንረት ስለሚጠብቅ አልነበረም። ንረቱን ለማስቆም ፌደራል ሪዘርቭ ወለዱን ከዜሮ አጠገብ ወደ 4.5 በመቶ ገደማ በአንድ ዓመት ውስጥ በማድረሱ የገንዘብ እውነተኛ ዋጋ ስለተወደደ ነው።

ይህም ቢሆን ሙሉ መልስ አይሆንም፤ በ2013ም ከዋጋ ንረት የጸዳው ይልድ በ1.5 ነጥብ ገደማ ወጥቷልና። ሁለቱን ዓመታት የለያቸው ሌላም ነገር አለ። በ2022 መግቢያ አክሲዮኖች በሚቀጥለው ዓመት ይገኛል ተብሎ ከተገመተው ትርፍ ከ20 እጥፍ በላይ ይሸጡ ነበር፤ በ2013 መግቢያ ግን ከ15 እጥፍ በታች ነበሩ። ርካሽ የነበረው ገበያ የይልዱን ጭማሪ የሚሸከምበት ቦታ ነበረው፤ ውዱ ገበያ ግን አልነበረውም። በተጨማሪም በ2013 የዋጋ ንረቱ ከ2 በመቶ በታች ስለነበር ፌደራል ሪዘርቭ የሚያስቸኩለው ነገር አልነበረም።

እንግዲህ ይልድ መውጣቱ ብቻውን ፍርድ አይሰጥም። ምን አስወጣው? በምን ፍጥነት ወጣ? ሲጀምርስ አክሲዮኑ ምን ያህል ተወዶ ነበር? እነዚህ ሦስት ጥያቄዎች ሳይመለሱ ቻርቱን ብቻ አይቶ መሸጥ መቸኮል ነው።

አመለካከት 3፦ «ይልድ ሲወርድ ለአክሲዮን ምሥራች ነው»

በ2008 መጀመሪያ የ10 ዓመቱ ይልድ 4 በመቶ አካባቢ ነበር፤ ዓመቱ ሲያልቅ 2.25 በመቶ ገደማ ሆነ። በስሌቱ መሠረት አክሲዮን መወደድ ነበረበት። ሆኖም ኤስ ኤንድ ፒ 500 በዚያ ዓመት ከ38 በመቶ በላይ ወደቀ። ምክንያቱ ሰዎች ወደ መንግሥት ቦንድ የሮጡት ፈርተው በመሆኑ ነው። ባንኮች ሲናጉ የኩባንያዎች ትርፍ ይጠፋል ብሎ የሰጋ ሰው፣ ትርፉ በምን ያህል እንደሚመነዘር አያስጨንቀውም። የሚያስጨንቀው ትርፉ መኖሩ ነው።

ይህን ከሌላው ዓይነት መውረድ መለየት ይቻላል። ይልድ የሚወርደው የዋጋ ንረት እየረገበ ሥራና ትርፍ ግን እንደቀጠሉ ከሆነ አክሲዮን ይደገፋል። በ2023 መጨረሻ የሆነው ይህ ነው፤ በጥቅምት 5 በመቶ ደርሶ የነበረው ይልድ በታኅሣሥ መጨረሻ ወደ 3.9 በመቶ ወርዶ አክሲዮን በአንጻሩ በፍጥነት ወጣ። ይልድ የሚወርደው በፍርሃት ከሆነ ግን ምልክቱ ሌላ ቦታ ይታያል፤ ደካማ ኩባንያዎች ለመበደር ከመንግሥት በላይ የሚከፍሉት ተጨማሪ ወለድ ይሰፋል። የመንግሥት ይልድ እየወረደ ይህ ልዩነት በፍጥነት ከሰፋ ጉዳዩ ምሥራች አይደለም።

በነገራችን ላይ የግንኙነቱ አቅጣጫ ራሱ ለረጅም ጊዜ ይለወጣል። ከ2000 በኋላ ባሉት ሁለት አሥርት ዓመታት የዋጋ ንረት ዝቅተኛ ስለነበር፣ ይልድና አክሲዮን አብዛኛውን ጊዜ አብረው ይወጡና ይወርዱ ነበር። ንረት ዋና ስጋት በሆነባቸው ዘመናት ግን በተቃራኒ አቅጣጫ ይጓዛሉ። በአንዱ ዘመን ቻርት የተማረ ሰው የሌላውን ዘመን ገልብጦ ሊያነበው ይችላል።

አመለካከት 4፦ «የይልድ ኩርባው ከተገለበጠ አክሲዮን ሽጥ»

እንደ ልማዱ ለረጅም ጊዜ ያበደረ ሰው ከፍ ያለ ይልድ ያገኛል። የአጭር ጊዜው ይልድ ከረጅሙ ሲበልጥ ኩርባው ተገለበጠ ይባላል። ካምቤል ሃርቪ በ1986 በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ጥናቱ ያሳየው ይህ ልዩነት የኢኮኖሚ ዕድገትን አስቀድሞ እንደሚጠቁም ነው። ስለ አክሲዮን መሸጫ ቀን የተነገረ ነገር አልነበረም።

በ2006 አጋማሽ ላይ የሦስት ወሩ ይልድ ከ10 ዓመቱ በልጦ ኩርባው ተገለበጠ። የኢኮኖሚ ማሽቆልቆሉ በታኅሣሥ 2007 በእርግጥ መጣ። ኤስ ኤንድ ፒ 500 ግን እስከ ጥቅምት 2007 ድረስ ከ20 በመቶ በላይ ጭማሪ አሳይቶ ነበር። ማሽቆልቆሉ ሲጀምር ደግሞ ኩርባው ወደ ልማዱ ተመልሶ ነበር፤ «ተቃና፣ አደጋው አለፈ» ያለ ሰው ተሳስቷል።

በሐምሌ 2022 የ2 ዓመቱ ይልድ ከ10 ዓመቱ በልጦ እስከ መስከረም 2024 መጀመሪያ ድረስ ቆየ። በእነዚያ ሁለት ዓመታት የተጠበቀው ማሽቆልቆል አልመጣም፤ ኤስ ኤንድ ፒ 500ም ከ40 በመቶ በላይ ጨመረ። የመጀመሪያውን ቀን ይዞ የሸጠ ሰው ያንን ሁሉ አጥቷል። የተገለበጠ ኩርባ የሚነግረን ገበያው ወለድ ወደፊት ይቀንሳል ብሎ መገመቱን ነው። የሚቀንሰው ኢኮኖሚው ታሞ ይሁን ንረቱ ረግቦ፣ ኩርባው አይለይም።

አመለካከት 5፦ «ይህ ንባብ ለኢትዮጵያ ገበያም እንዳለ ይሠራል»

የኢትዮጵያ የሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ በ2025 ሥራ ስለጀመረ ጥያቄው ወቅታዊ ነው። ከላይ ያየነው ሁሉ የሚቆመው ይልዱን ነፃ ገዢና ሻጭ ሲወስኑት ብቻ ነው። ከ2011 እስከ 2019 የኢትዮጵያ የግል ባንኮች ከሚሰጡት ብድር 27 በመቶውን ያህል የብሔራዊ ባንክ ሰነድ እንዲገዙ ይገደዱ ነበር፤ ወለዱም መጀመሪያ 3 በመቶ፣ ከዋጋ ንረቱ እጅግ ያነሰ ነበር። እንዲህ ባለ መመሪያ የተተመነ ወለድ ቻርት ቢሠራለት የሚያሳየው የመንግሥትን ውሳኔ እንጂ የገበያን አስተያየት አይደለም። ስለዚህ በአገር ቤት ያለ ባለሀብት ከቻርቱ በፊት ሦስት ነገር ያጣራ፤ ሰነዱ በጨረታ ነው ወይስ በግዴታ የተሸጠው? ገዢዎቹ ከባንኮችና ከጡረታ ፈንዶች ውጭ ማን ናቸው? ከተሸጠ በኋላስ በየቀኑ ይገበያያል?

ይልድ የሚነግረን የወደፊት ትርፍ ዛሬ በምን ዋጋ እንደሚመነዘር ነው፤ ትርፉ ስለመምጣቱ አይመሰክርም። የአክሲዮንን አቅጣጫ መገመት የሚሻ ሰው `DGS10`ን ከ`DFII10` ጋር አስተያይቶ፣ የደካማ ኩባንያዎችን የብድር ልዩነትና የትርፍ ግምቶችን አጠገቡ አስቀምጦ ያንብብ። ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ ሲጠቁሙ ግምቱ ክብደት ያገኛል፤ ሲለያዩ ደግሞ በይልዱ መስመር ብቻ ቁጠባን ማንቀሳቀስ አይገባም።