የተፈራራቂ ተከታታይ ድምር ስህተት፦ ጣሪያው የሚያረጋግጠውና የማያረጋግጠው

አባሎቹ አንድ ጊዜ አዎንታዊ፣ አንድ ጊዜ አሉታዊ ምልክት እየያዙ የሚፈራረቁ ተከታታይ ድምር በስሌት ሥራ ውስጥ ልዩ ምቾት አለው። ድምሩ በየትኛውም አባል ላይ ቢቋረጥ የሚፈጠረው ስህተት ምን ያህል ሊደርስ እንደሚችል ከራሱ ከድምሩ ላይ ይነበባል፤ ሌላ ስሌት አያስፈልግም። ድምሩ

S = a₁ − a₂ + a₃ − a₄ + …

ተብሎ ቢጻፍ፣ ሁሉም a አዎንታዊ ቢሆኑ፣ እያንዳንዱ ከቀደመው የማይበልጥ ቢሆንና ወደ ዜሮ እየተጠጉ ቢሄዱ፣ የመጀመሪያዎቹ n አባሎች ከፊል ድምር Sₙ ከእውነተኛው ዋጋ የሚርቀው ቢበዛ ባልተደመረው በመጀመሪያው አባል ልክ ነው፦

|S − Sₙ| ≤ aₙ₊₁

ይህ በላይብኒትዝ ስም የሚታወቀው ውጤት ነው። ምክንያቱም ቀላል ነው። ከፊል ድምሮቹ በቁጥር መስመር ላይ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይመላለሳሉ፤ እያንዳንዱ እርምጃ ከቀደመው ስለማይረዝም ቀድሞ ከነበሩበት ክልል አይወጡም። ስለዚህ S ሁልጊዜ በሁለት ተከታታይ ከፊል ድምሮች መካከል ይገኛል፤ በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ደግሞ aₙ₊₁ ነው። የመማሪያ መጻሕፍት አብዛኛውን ጊዜ የሚያጎሉት የመጨረሻውን አለመተካከል ነው። ለአስርዮሽ ትክክለኛነት ግን ይበልጥ የሚጠቅመው ከእሱ በፊት የተነገረው ነገር፣ ማለትም S በሁለቱ መካከል መታጠሩ ነው።

ልዩነቱ በአንድ ምሳሌ ጎልቶ ይታያል። የ1 ራዲያን ሳይን እስከ ሦስት የአስርዮሽ ቤት ድረስ ይፈለግ እንበል። ተከታታይ ድምሩ

sin 1 = 1 − 1/6 + 1/120 − 1/5040 + 1/362880 − …

ነው። በተለመደው አሠራር መሠረት «ሦስት የአስርዮሽ ቤት ትክክል» ማለት ስህተቱ ከ0.0005 ያነሰ ነው ማለት ነውና፣ ከዚህ ቁጥር የሚያንሰው የመጀመሪያው አባል ይፈለጋል። 1/120 ወይም 0.00833 ገና ትልቅ ነው፤ 1/5040 ግን 0.000198 ገደማ ስለሆነ ይበቃል። በመሆኑም ሦስቱ የመጀመሪያ አባሎች ብቻ ይደመራሉ፤ ውጤቱም S₃ = 0.841667 ይሆናል። ይህም ወደ ሦስት ቤት ሲጠጋጋ 0.842 ይሰጣል። ሁሉም ደንብ የተከበረ ይመስላል።

እውነተኛው ዋጋ ግን 0.841471 ገደማ ነው፤ ወደ ሦስት ቤት ሲጠጋጋም 0.841 እንጂ 0.842 አይሆንም። ከዚህም በላይ፣ የተጻፈው 0.842 ከእውነተኛው ዋጋ በ0.000529 ይርቃል፤ ይህም ከተፈቀደው 0.0005 አልፏል። ጣሪያው አልዋሸም፤ S₃ ከ sin 1 የሚርቀው በእርግጥም ከ0.000198 ባነሰ መጠን ነው። የተዘነጋው ማጠጋጋት ራሱ ሁለተኛ ስህተት መሆኑ ነው። 0.841667ን ወደ 0.842 መለወጥ 0.000333 ስህተት ይጨምራል፤ በዚህ ምሳሌ ደግሞ ሁለቱ ስህተቶች ወደ አንድ አቅጣጫ ስለሚገፉ ተደምረዋል። ወደ ሦስት ቤት ማጠጋጋት ብቻውን እስከ 0.0005 ሊወስድ ስለሚችል፣ ለመቋረጥ ስህተት በእርግጠኝነት የሚተርፍ ምንም ነገር የለም።

እዚህ ላይ «ሦስት የአስርዮሽ ቤት ትክክል» የሚለው አነጋገር ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎችን እንደሚሸፍን ልብ ይሏል። አንደኛው ርቀትን ይመለከታል፦ መልሱ ከእውነተኛው ዋጋ ከ0.0005 በላይ አይራቅ ይላል። ለዚህ ሦስቱ አባሎች በቂ ናቸው፤ ነገር ግን መልሱ አንድ ቤት ተጨምሮ 0.8417 ተብሎ መጻፍ አለበት። በዚህ ጊዜ የመቋረጡ 0.000198 እና የማጠጋጋቱ 0.00005 ተደምረው ከ0.00025 ያነሱ ስለሆኑ ከተፈቀደው አያልፉም። ሁለተኛው ጥያቄ አኃዞችን ይመለከታል፦ የተጻፉት ሦስት አኃዞች እውነተኛው ዋጋ ቢጠጋጋ ከሚሰጣቸው ጋር አንድ ይሁኑ ይላል። ለዚህ aₙ₊₁ን ከ0.0005 ጋር ማወዳደር ብቻ አይበቃም።

ለሁለተኛው ጥያቄ የሚሠራው መፈተሻ ከላይ የተጠቀሰው አጥር ነው። S በ Sₙ እና በ Sₙ₊₁ መካከል ስለሆነ፣ ሁለቱም ሲጠጋጉ አንድ ዓይነት ቁጥር ከሰጡ S ራሱም ያንኑ ቁጥር ይሰጣል። በምሳሌው S₃ = 0.841667 ሲሆን S₄ = 0.841468 ነው። የመጀመሪያው ወደ 0.842፣ ሁለተኛው ወደ 0.841 ስለሚጠጋጋ ፈተናው አልታለፈም፤ በመካከላቸው 0.8415 የሚባለው መለያ ነጥብ ይገኛልና። አንድ አባል ሲጨመር S₅ = 0.841471 ይሆናል፤ አሁን S₄ እና S₅ ሁለቱም ወደ 0.841 ይጠጋጋሉ፣ ጉዳዩም ይዘጋል። ዋጋው አንድ ተጨማሪ ክፍፍል ብቻ ነበር።

ይህ መፈተሻ ስንት አባል እንደሚበቃ አስቀድሞ አይናገርም፤ ሥራው እየተሠራ ብቻ የሚታወቅ ነው። እውነተኛው ዋጋ ከመለያ ነጥቡ አጠገብ ሲሆን ብዙ አባሎች ሊጠይቅ ይችላል፤ ዋጋው በትክክል መለያ ነጥቡ ላይ ካረፈ ደግሞ ፈተናው ፈጽሞ ላይታለፍ ይችላል። እንዲህ ባለው ሁኔታ ሐቀኛው መልስ ሁለቱን የአጥር ጫፎች መጻፍ ነው።

አጥሩ የቆመው አባሎቹ እየቀነሱ በመሄዳቸው ላይ መሆኑም መዘንጋት የለበትም። ምልክቶቹ መፈራረቃቸውና አባሎቹ ወደ ዜሮ መሄዳቸው ከታየ በኋላ ሦስተኛውን ቅድመ ሁኔታ ሳያዩ ማለፍ የተለመደ ነው። አዎንታዊዎቹ አባሎች 1, 1/4, 1/9, 1/16, … አሉታዊዎቹ ደግሞ 1/2, 1/4, 1/8, 1/16, … የሆኑበትና ሁለቱ በየተራ የሚገቡበት ድምር ይወሰድ። ድምሩ ወደ π²/6 − 1፣ ማለትም ወደ 0.644934 ይጠጋል። አሥረኛው አዎንታዊ አባል ከተደመረ በኋላ ቢቋረጥ ከፊል ድምሩ 0.551721 ነው፤ ቀጥሎ ያለው ያልተደመረ አባል ደግሞ 1/1024፣ ማለትም ከ0.001 ያነሰ ነው። እውነተኛው ስህተት ግን 0.0932 ነው፤ «ጣሪያ» ከተባለው ቁጥር ወደ ዘጠና አምስት እጥፍ ይበልጣል። እዚህ አሉታዊዎቹ በፍጥነት እየጠፉ አዎንታዊዎቹ በዝግታ ስለሚቀንሱ፣ ወደ ኋላ የሚመልሰው እርምጃ ወደ ፊት የሚወስደውን አያግደውም። የጥቂት አባሎችን ዋጋ በተርታ ጽፎ መመልከት ይህን ችግር ወዲያውኑ ያሳያል፤ መቀነሱ ግን ከተቋረጠበት አባል በኋላ ላሉት ሁሉ መረጋገጥ አለበት።

ቅድመ ሁኔታዎቹ ሁሉ ተሟልተውም ጣሪያው ከአቅም በላይ ሥራ የሚጠይቅበት ጊዜ አለ። ላይብኒትዝ በ1682 ያሳተመው፣ በሕንድ የኬረላ ሊቃውንት ዘንድ ግን ከእሱ በፊት የታወቀው

π = 4 − 4/3 + 4/5 − 4/7 + …

ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። N አባሎች ሲደመሩ ያልተደመረው የመጀመሪያው አባል 4/(2N+1) ነው፤ ይህ ከ0.00005 እንዲያንስ N ቢያንስ 40000 መሆን አለበት። ችግሩ የሥራው ብዛት ብቻ አይደለም። እያንዳንዱ አባል በስምንት የአስርዮሽ ቤት ተጠጋግቶ ቢጻፍ በእያንዳንዱ ላይ እስከ 0.000000005 ስህተት ይገባል፤ በ40000 አባሎች ላይ ይህ በከፋ ሁኔታ 0.0002 ይደርሳል። ከሚፈለገው ትክክለኛነት አራት እጥፍ የሚበልጥ ስህተት በማጠጋጋት ብቻ ሊጠራቀም ይችላል ማለት ነው፤ ላይብኒትዝ የሰጠው ጣሪያም ስለዚህ ምንም አይናገርም።

መውጫው እንደገና በአጥሩ ውስጥ አለ። አባሎቹ በዝግታ ሲቀንሱ ሁለት ተከታታይ እርምጃዎች ርዝመታቸው ተቀራራቢ ነው፤ ስለዚህ S ከአጥሩ መካከለኛ ነጥብ ብዙ አይርቅም። ከአንዱ ጫፍ ይልቅ የሁለቱ አማካይ ይወሰድ፦

Tₙ = (Sₙ + Sₙ₊₁)/2

ከአንድ አማካይ ወደ ቀጣዩ ያለው እርምጃ (aₙ₊₁ − aₙ₊₂)/2 ሲሆን ምልክቱም ይፈራረቃል። የአባሎቹ ልዩነቶች ራሳቸው እየቀነሱ የሚሄዱ ከሆነ፣ አማካዮቹም ያንኑ የመመላለስ ባሕርይ ይይዛሉ፤ የላይብኒትዝ ውጤትም በእነሱ ላይ ይሠራል፦

|S − Tₙ| ≤ (aₙ₊₁ − aₙ₊₂)/2

ለ π ድምር ይህ ጣሪያ 4/((2N+1)(2N+3)) ነው። ከ0.00005 እንዲያንስ (2N+1)(2N+3) ከ80000 መብለጥ አለበት፤ N = 140 ሲሆን ብዜቱ 79523፣ N = 141 ሲሆን 80655 ነው። ስለዚህ S₁₄₁ እና S₁₄₂ በቂ ናቸው፤ 40000 አባሎች ወደ 142 ወረዱ። ቀደም ሲል የተነሳው የማጠጋጋት ክምችትም በስምንት ቤት ሲሠራ ከ0.000001 በታች ይሆናል። ለማድሃቫ የሚሰጠውና በኬረላ ሊቃውንት ጽሑፎች የሚገኘው የእርማት አባል ከዚህ ብዙ የራቀ አይደለም፤ ለ π/4 ድምር ከ n አባሎች በኋላ በተገቢው ምልክት 1/(4n) ይጨመር የሚል ነውና፣ ይህ ካልተደመረው አባል ግማሽ ጋር እጅግ የተቀራረበ ነው።

አኃዞቹን ለማረጋገጥ ግን እዚህም ርቀትን የሚመለከተው ጣሪያ ብቻውን አይበቃም፤ ሁለት ተከታታይ አማካዮች መወዳደር አለባቸው። T₁₄₁ = 3.141618 ከ π በላይ፣ T₁₄₂ = 3.141568 ከ π በታች ነው። ለሁለተኛው አማካይ 143ኛውም አባል ያስፈልጋል። ወደ አራት ቤት ሲጠጋጉ ሁለቱም 3.1416 ይሰጣሉ፤ በመካከላቸው መለያ ነጥብ የለም።