ደሞዝና ቁጠባችን በእርግጥ አድጓል? በዋጋ ግሽበት አስተካክሎ ማየት

ካኩማ ውስጥ ሰው ስለ ገንዘብ ሲያወራ ሁለት ነገር ደጋግሜ እሰማለሁ። አንደኛው «አገር ቤት ባንክ ያስቀመጥኳት ብር ወልዳ ጠበቀችኝ» የሚል ነው። ሁለተኛው ደግሞ «ኢንሰንቲቫችን ተጨመረ ተባለ፣ ግን ምንም አልታየን» ይላል። ከመሰደዴ በፊት ለዓመታት በሂሳብ ሠራተኛነት ስለኖርኩ እንዲህ ያለ ወሬ ስሰማ እጄ ወደ እስክሪብቶ ይሄዳል። ስሌቱ ማባዛትና ማካፈል ብቻ ነው፤ የስልካችሁ ካልኩሌተር ይበቃል።

ከባንኩ ብር እንጀምር። አንድ ሰው በሐምሌ 2011 ዓ.ም. 50,000 ብር በቁጠባ ደብተር አስቀምጦ ወጣ እንበል። በፈረንጅ አቆጣጠር 2019 መሃል ላይ ማለት ነው። ብሔራዊ ባንክ ከፈረንጆቹ 2017 ጥቅምት ጀምሮ ዝቅተኛውን የቁጠባ ወለድ 7 በመቶ አድርጎት ስለነበር እኛም በዚያው እንሂድ። ብሩ ሳይነካ አራት ዓመት ቢቀመጥ፣ ማለትም እስከ ሐምሌ 2015 ዓ.ም.፣ 65,500 ብር አካባቢ ይደርሳል። ደብተሩ ላይ 15,500 ብር ትርፍ ይታያል።

አሁን ዋጋውን እንይ። በኢትዮጵያ የዓመቱ አማካይ የዋጋ ግሽበት በፈረንጆቹ 2020 ወደ 20.4 በመቶ፣ በ2021 26.8፣ በ2022 33.9፣ በ2023 ደግሞ 30.2 በመቶ ነበር። ብዙ ሰው እዚህ ጋ አራቱን ይደምርና 111 በመቶ ያገኛል፤ «ዋጋ እጥፍ ሆነ» ብሎ ያቆማል። ግን የሁለተኛው ዓመት ጭማሪ የመጣው ቀድሞ በጨመረው ዋጋ ላይ ነው፤ የሦስተኛውም እንደዚያው። ስለዚህ አይደመርም፣ ይባዛል። እያንዳንዱን መቶኛ ለ100 አካፍሉና 1 ጨምሩበት፣ ከዚያ አባዙ፦

```
1.204 × 1.268 × 1.339 × 1.302 = 2.66
```

ይህን 2.66 «ማባዣ» እንበለው። ትርጉሙ በ2011 ዓ.ም. በ100 ብር ይገዛ የነበረ አስቤዛ በ2015 ዓ.ም. 266 ብር ጠየቀ ነው። የ50,000 ብሩ አቅም እንዳለ እንዲቆይ ደብተሩ ላይ 133,000 ብር መኖር ነበረበት። ያለው ግን 65,500 ነው። ወደ ኋላ ስንመልሰው፦

```
65,500 ÷ 2.66 = 24,600
```

ብሩ በቁጥር አድጎ በአቅም ግን ከግማሽ በታች ወረደ። (ከወለዱ ላይ የሚቆረጠውን 5 በመቶ ግብር ካሰብን ከዚህም ትንሽ ያንሳል።) ሌላም ነገር ልብ በሉ። ከ2022 ወደ 2023 ግሽበቱ ከ33.9 ወደ 30.2 ሲወርድ «ግሽበት ቀነሰ» የሚል ዜና ይሰማል። ይህ ዋጋው ወረደ ማለት አይደለም፤ የሚጨምርበት ፍጥነት ትንሽ ረገበ ማለት ነው።

አንዳንዱ ሰው በዋጋ ማስላት ትቶ በዶላር ይለካል። በ2019 መሃል አንድ ዶላር በባንክ 29 ብር ገደማ ነበር፤ በ2023 መሃል ወደ 55 ብር። በዚያ ከሄድን 1,720 ዶላር የነበረው ገንዘብ 1,190 ሆነ፣ የጠፋውም ሲሶው ብቻ ይመስላል። የሁለቱ መልስ የተለያየው ባንኩ የሚናገረው የዶላር ዋጋ የገበያውን ዋጋ ያህል ስላልሮጠ ነው። በሐምሌ 2024 ብሩ በገበያ እንዲወሰን ሲለቀቅ ምንዛሬው በጥቂት ጊዜ ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። እኔ የምለው፣ ገንዘቡ የሚወጣው አገር ቤት ከሆነ፣ ለምሳሌ ለእናት አስቤዛ፣ በአገር ቤት ዋጋ ለኩት። ወደዚህ አስልካችሁ የምትበሉት ከሆነ ግን በእጃችሁ በሚገባው ሽልንግና በዚህ ገበያ ዋጋ ለኩት።

ወደ ኢንሰንቲቩ ልምጣ። በ2019 በወር 6,000 ሽልንግ ያገኝ የነበረ ሰው በ2024 7,500 ደረሰ እንበል። ቁጥሩ ለምሳሌ ነው፤ የራሳችሁን አስገቡበት። ጭማሪው 25 በመቶ ነው፣ በወሬ ደረጃ ትልቅ ነው። የኬንያ ግሽበት ከ2020 እስከ 2024 በየዓመቱ 5.4፣ 6.1፣ 7.7፣ 7.7 እና 4.5 በመቶ ገደማ ነበር። በዚያው መንገድ ስታባዙት 1.36 ይመጣል። 7,500ን ለ1.36 ስናካፍል 5,500 ሽልንግ አካባቢ እናገኛለን። የ2019ኙን አቅም ለመያዝ ደሞዙ ከ8,100 ማለፍ ነበረበት። ስለዚህ «ምንም አልታየን» ያሉት ሰዎች እንዲያውም አሳንሰው ነው የተናገሩት፤ በዚህ ምሳሌ አቅሙ 8 በመቶ ያህል ቀንሷል።

ይህ ግን የመላው ኬንያ አማካይ ነው። በዚያ አማካይ ውስጥ የናይሮቢ የቤት ኪራይ አለ፣ የትምህርት ክፍያ አለ፣ የመኪና ነዳጅ አለ። እኛ ደግሞ አብዛኛውን ገንዘባችንን የምናወጣው በዱቄት፣ በዘይት፣ በስኳርና በከሰል ነው። ስለዚህ የራሳችሁን ማባዣ መሥራት ይሻላል። የድሮ ዋጋ ከየት ይገኛል ካላችሁ፣ ባለሱቁ የዱቤ ደብተሩን አይጥልም። ጠይቁት፣ ቀኑ ከነዋጋው ተጽፎ ታገኙታላችሁ።

እንዲህ ነው የሚሠራው። ቤታችሁ በወር 8 ኪሎ ዱቄት፣ 2 ሊትር ዘይት፣ 3 ኪሎ ስኳርና አንድ ጆንያ ከሰል ይፈጃል እንበል። በድሮው ዋጋ ዱቄቱ 480፣ ዘይቱ 400፣ ስኳሩ 330፣ ከሰሉ 600 ሽልንግ ከነበረ ድምሩ 1,810 ነው። ያንኑ መጠን ዛሬ ስትገዙ 640፣ 600፣ 450 እና 1,000 ከሆነባችሁ ድምሩ 2,690 ይሆናል። የዛሬውን ለድሮው አካፍሉ፤ 1.49 ገደማ ይመጣል። 7,500ው በዚህ ሲካፈል 5,000 ሽልንግ ብቻ ነው። ዋናው ነገር መጠኑን በሁለቱም ጊዜ አንድ ማድረግ ነው። ዋጋ ሲወደድ ሰው ከ2 ሊትር ዘይት ወደ አንድ ይወርዳል፤ ያወጣውን ገንዘብ ብቻ ካወዳደረ ኑሮው ያልተወደደ ይመስለዋል፣ የጎደለው ግን ከድስቱ ነው።

የጨው ዋጋ እጥፍ ሆነ ብሎ መደንገጥም ደግ አይደለም። በወር ግማሽ ኪሎ ጨው የሚፈጅ ቤት እጥፉ ብዙ አይጎዳውም። በጆንያው ከሰል ላይ የተጨመረው 400 ሽልንግ ነው የሚጎዳው። መጠኑን በዋጋ አባዝታችሁ ከደመራችሁ ሚዛኑ ራሱ ይስተካከላል።

ይህ ስሌት የማይዘው አንድ ነገር ራሽን ነው። ድሮ 8ቱም ኪሎ ዱቄት በራሽን ይመጣ ነበር፣ ዛሬ ግን ግማሹ ብቻ ይመጣል እንበል። የ4 ኪሎው ወጪ በዋጋ ግሽበት ውስጥ አይታይም፤ ዱቄቱ ባይወደድም ከኪሳችሁ ይወጣል። ስለዚህ ለብቻው ያዙት። ዱቄት በኪሎ 80 ሽልንግ ከሆነ 4 ኪሎው 320 ነው። ከዛሬው 7,500 ላይ መጀመሪያ ይህን ቀንሱ፣ 7,180 ይቀራል፤ ከዚያ ዱቄቱን ከዝርዝሩ አውጥታችሁ በምታገኙት ማባዣ፣ ማለትም ለ1.54 አካፍሉ። 4,660 ሽልንግ ገደማ ታገኛላችሁ። በ2019 ከነበረው 6,000 ጋር የሚወዳደረው ይህ ቁጥር ነው። ድሮ በራሽን ይመጣ የነበረውን ዱቄት ግን ከላይ ባለው የአስቤዛ ዝርዝር ውስጥ እንደተገዛ አድርጋችሁ አታስገቡት፤ የምትገዙትን ብቻ አስገቡ፣ አለዚያ አንዱን ወጪ ሁለት ጊዜ ትቆጥራላችሁ።