«ቢሮ የለሁም» የሚለው መልስ፦ ለማን፣ ስንት ጊዜ፣ ምን ያህል?

አንዲት የግዥ ሠራተኛ አርብ ምሽት 12 ሰዓት ላይ ለዓመት ፈቃድ ከቢሮ ልትወጣ ነው እንበል። ለሚደርሳት ኢሜይል ሁሉ «ፈቃድ ላይ ነኝ፤ ስመለስ እመልስልዎታለሁ» የሚል መልስ በራሱ እንዲሄድ አዘጋጅታለች። ከመውጣቷ በፊት ደግሞ ለአንድ የሶፍትዌር አቅራቢ የደንበኞች አገልግሎት ስለ አንድ ብልሽት ጽፋለች። የአቅራቢው ሥርዓትም ለሚገባው ኢሜይል ሁሉ የጉዳይ ቁጥር እየሰጠ «ጥያቄዎ ደርሶናል» ብሎ በራሱ ይመልሳል።

የአቅራቢው ማረጋገጫ ወደ እሷ ሳጥን ሲገባ የእሷ ሳጥን «ፈቃድ ላይ ነኝ» ብሎ ይመልሳል። ይህ መልስ አቅራቢው ዘንድ እንደ አዲስ ጥያቄ ይመዘገብና አዲስ የጉዳይ ቁጥር ይሰጠዋል፤ አዲስ ማረጋገጫም ይላካል። ለዚያም እንደገና «ፈቃድ ላይ ነኝ» የሚል መልስ ይሄዳል። እያንዳንዱ መልስ ግማሽ ደቂቃ ቢፈጅ በሰዓት 120 መልዕክት ይመላለሳል ማለት ነው። ሰኞ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ሠራተኞች ቢሮ እስኪገቡ ያለው ጊዜ 62 ሰዓት ነው፤ በዚህ ስሌት 7,440 መልዕክት ይሆናል። ግማሹ የእሷን ሳጥን ይሞላዋል፤ ሌላው ግማሽ አቅራቢው ዘንድ 3,720 የውሸት ጉዳይ ይከፍታል። ሳጥኑ አቅሙን ጨርሶ ከሞላ ደግሞ በዚያ ሳምንት የሚመጣ እውነተኛ ደብዳቤ ሳይገባ ወደ ላኪው ይመለሳል።

መልስ ለመልስ ሲሰጥ

ኢሜይል በየሰርቨሩ ሲያልፍ እያንዳንዱ ሰርቨር በመልዕክቱ ራስጌ ላይ `Received` የሚል መስመር ይጨምራል። ራስጌው ላኪን፣ ተቀባይን፣ ቀንንና መንገድን የሚመዘግበው የመልዕክቱ ክፍል ነው፤ አብዛኛው ለአንባቢ አይታይም። አንድ መልዕክት በሁለት ሰርቨሮች መካከል ሲዞር እነዚህ መስመሮች እየበዙ ይሄዳሉ፤ ቁጥራቸው ከተወሰነው ጣሪያ ሲያልፍ ሰርቨሩ ነገሩን ያውቅና መልዕክቱን ያቆመዋል።

ይህ ጥበቃ ግን ከላይ ያየነውን ዑደት አያቆመውም። በራሱ የሚላክ መልስ የቀድሞው መልዕክት ቅጂ አይደለም፤ ራሱን የቻለ አዲስ መልዕክት ስለሆነ ቆጠራው ሁልጊዜ ከዜሮ ይጀምራል። ለሰርቨሮቹ ሁለት ሰዎች ሌሊቱን ሙሉ ሲጻጻፉ ያደሩ ነው የሚመስለው። ስለዚህ ዑደቱን ማቆም የሚችለው መልሱን የሚልከው ፕሮግራም ራሱ ነው።

የኢንተርኔትን የአሠራር ደንቦች የሚያወጣው አይኢቲኤፍ ይህን ጉዳይ እ.ኤ.አ. በ2004 `RFC 3834` በተባለው ሰነድ አስፍሮታል። ከሰነዱ ምክሮች ውስጥ ሦስቱ ዋና ፍሬኖች ናቸው። አንደኛው ትውስታ ነው፤ ፕሮግራሙ ለማን እንደመለሰ እየመዘገበ ለዚያው ሰው ተመሳሳዩን መልስ ቶሎ ቶሎ እንዳይልክ ይከለከላል። ሁለተኛው ምልክት ነው፤ በራሱ የተላከ መልስ ራስጌው ላይ ይህን መስመር ይይዛል፦

```
Auto-Submitted: auto-replied
```

ይህን ያየ ሌላ አውቶማቲክ መላሽ «ይህ ከሰው የመጣ አይደለም» ብሎ ዝም ማለት አለበት። ሦስተኛው ባዶ የመመለሻ አድራሻ ነው። ኢሜይል ሳይደርስ ሲቀር የስህተት ማስታወቂያ የሚሄድበት አድራሻ አለው፤ በራሱ የሚላክ መልስ ግን ይህን ቦታ ባዶ አድርጎ (`<>`) እንዲወጣ ይመከራል። ማስታወቂያ የሚመለስበት ቦታ ስለሌለ ሰንሰለቱ እዚያው ይቆማል።

የታወቁት አገልግሎቶች እነዚህን ፍሬኖች በየመልካቸው ይዘዋል። ጂሜይል አንድ ሰው ደጋግሞ ቢጽፍልዎት በአራት ቀን አንድ ጊዜ ብቻ ይመልሳል። የማይክሮሶፍት ኤክስቼንጅ ደግሞ መልሱ እንደበራ እስከቆየ ድረስ ለአንድ ላኪ አንድ ጊዜ ብቻ ይልካል። ታዲያ ዑደቱ ከየት ይመጣል? ብዙውን ጊዜ ከሁለት ቦታ ነው። አንዱ ሰው ለፈቃድ የተዘጋጀውን አገልግሎት ትቶ «ማንኛውም ኢሜይል ሲገባ ይህን መልስ» የሚል የራሱን ሕግ ሲሠራ ነው፤ እንዲህ ያለው ሕግ ትውስታ ላይኖረው ይችላል። የግዥ ሠራተኛዋም ያደረገችው ይህንኑ ነው። ሌላው ድርጅቶች በቤት ውስጥ ያሠሩት የማረጋገጫ ወይም የአቤቱታ ሥርዓት ምልክቱን ሳይለጥፍና ሳያነብ ሲቀር ነው።

ትውስታውም ቢሆን ብቻውን የማይበቃበት ጊዜ አለ። አንዳንድ የጉዳይ መከታተያ ሥርዓቶች ለእያንዳንዱ ጉዳይ የተለየ የላኪ አድራሻ ይፈጥራሉ፤ የጉዳይ ቁጥሩ አድራሻው ውስጥ ይገባል። እንዲህ ከሆነ እያንዳንዱ ማረጋገጫ ከአዲስ ሰው የመጣ ስለሚመስል «ለዚህ ሰው መልሻለሁ» የሚለው መዝገብ አይረዳም። ሁለቱም ወገኖች ምልክቱን ማክበር ያለባቸው ለዚህ ነው።

ዑደት መነሳቱን ማወቅ ቀላል ነው። ከአንድ ድርጅት የሚመጡ፣ ርዕሳቸው ተመሳሳይ ሆኖ የጉዳይ ቁጥራቸው ብቻ እየጨመረ የሚሄድ መልዕክቶች በእኩል ልዩነት ሲገቡ ይታያል። ለማቆም ከሁለቱ ወገን አንዱን መዝጋት ይበቃል። በቅድሚያ የራስዎን አውቶማቲክ መልስ ያጥፉ፤ ከዚያ ለሌላው ወገን በስልክ ያሳውቁ። የመጡትን መልዕክቶች ከመሰረዝዎ በፊት አንዱን ለአይቲ ክፍል ያስቀሩ፤ ስህተቱ የየትኛው ወገን እንደሆነ የሚታወቀው ከራስጌው ነው።

የተናገርነው ለማን እንደደረሰ አናውቅም

ሁለተኛው አደጋ ጸጥተኛ ነው፤ ጉዳቱ ግን የባሰ ሊሆን ይችላል። የሚከተለውን የመሰለ መልስ በብዙ ቢሮዎች የተለመደ ነው፦

«ከኅዳር 3 እስከ 20 ለስልጠና ዱባይ ስለምገኝ ኢሜይልም ስልክም ማየት አልችልም። ክፍያን በሚመለከት የሒሳብ ክፍሏን ባልደረባዬን በእጅ ስልኳ ያነጋግሩ።» ከሥሩ የላኪው ሙሉ ስም፣ የሥራ መደብና የግል ስልክ ይከተላል።

ይህን የጻፈው የግዥ ኃላፊ በልቡ የነበሩት ደንበኞቹ ናቸው። መልሱ ግን ኢሜይል ለላከ ሁሉ ይሄዳል። አጭበርባሪ አንድ ባዶ መልዕክት ልኮ በደቂቃ ውስጥ አራት ነገር ያውቃል፦ ኃላፊው የት እንዳለ፣ እስከ መቼ እንደማይገኝ፣ በሌለበት ገንዘብ የሚያንቀሳቅሰው ማን እንደሆነ፣ ኃላፊው ደብዳቤውን በምን ዓይነት ፊርማ እንደሚዘጋ።

ቀጥሎ የሚመጣውን መገመት አይከብድም። የሒሳብ ባለሙያዋ ከኃላፊው አድራሻ በአንዲት ፊደል ብቻ ከሚለይ አድራሻ ደብዳቤ ይደርሳታል፦ «እህቴ፣ ዱባይ ስልጠና ላይ ስለሆንኩ ስልክ አላነሳም። የአቅራቢያችን የባንክ ሒሳብ ቁጥር ተቀይሯል፤ ክፍያው ዛሬውኑ በአዲሱ ቁጥር ይግባ።» ዱባይ መሆኑ እውነት ነው፤ ስልክ የማያነሳ መሆኑም እውነት ነው፤ ፊርማውም የእሱ ነው። ውሸት የሆነው የሒሳብ ቁጥሩ ብቻ ነው። ባለሙያዋ እንዳትጠራጠር ያደረጓትን እውነቶች ለአጭበርባሪው ያቀበለው የኃላፊው የራሱ መልስ ነው። ለዚህ ነው የክፍያ መመሪያ ከአውቶማቲክ መልሱ ጋር አብሮ መታሰብ ያለበት፦ የሒሳብ ቁጥር ለውጥ በኢሜይል ብቻ አይፈጸምም፤ አስቀድሞ በመዝገብ ወደተያዘው የአቅራቢው ስልክ ተደውሎ ይረጋገጣል።

ለስፓምም ቢሆን መልስ መስጠት ጉዳት አለው። ለስፓም ላኪው «ይህ አድራሻ ይሠራል፣ ባለቤቱም አለ» ብሎ ይነግረዋል። ላኪው የሌላ ሰው አድራሻ አስመስሎ ጽፎ ከሆነ ደግሞ መልሱ ምንም ወደማያውቅ ሦስተኛ ሰው ይሄዳል።

ቅንብሩ

ጂሜይል ለሚጠቀሙ መንገዱ የጥርሱን ምልክት ተጭኖ `See all settings`፣ ከዚያ `General` ውስጥ ወደ ታች `Vacation responder` ነው። `First day` እና `Last day` ሁለቱም ይሞሉ፤ የመጨረሻው ቀን ክፍት ከተተወ መልሱ ባለቤቱ ከተመለሰ በኋላም ይቀጥላል። ቀኑ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆኑ አይዘንጋ። ከመልዕክቱ ሳጥን ሥር `Only send a response to people in my Contacts` የሚለው ምልክት ሲደረግበት መልሱ በአድራሻ መዝገብዎ ላሉ ሰዎች ብቻ ይሄዳል። ከሁሉም ይበልጥ የሚጠቅመው ይህች ምልክት ናት።

አውትሉክ በሚጠቀም መሥሪያ ቤት `Automatic replies` የሚለው ቦታ ለመሥሪያ ቤቱ ሰዎችና ለውጭ ሰዎች ሁለት የተለያየ መልስ ለመጻፍ ይፈቅዳል። ብዙ ሰው አንዱን ጽፎ ሌላው ላይ ይገለብጠዋል፤ ጥፋቱ እዚያ ላይ ነው። ማን እንደሚተካዎትና እስከ መቼ እንደማይገኙ ማወቅ የሚገባው የመሥሪያ ቤቱ ሰው ነው፤ ለእሱ ይጻፍለት። ለውጭ ሰው የሚሄደው ለአድራሻ መዝገብዎ ብቻ እንዲሆን ይምረጡ፤ ሥራዎ ከማያውቋቸው ደንበኞች ጋር ከሆነና ለሁሉም መሄድ ካለበት ደግሞ ቃሉ እንዲህ ይጠር፦

«መልዕክትዎ ደርሶኛል። በእነዚህ ቀናት ምላሼ ሊዘገይ ይችላል። ጉዳይዎ አስቸኳይ ከሆነ እባክዎ ወደ መሥሪያ ቤታችን ዋና ስልክ ይደውሉ።»

ደንበኛው ማድረግ ያለበትን ያውቃል። አጭበርባሪው ግን ቦታ፣ የመመለሻ ቀንም ሆነ የተተኪ ስም አያገኝም። ዋናው ስልክ በይፋ የሚታወቅ ስለሆነ ምንም አዲስ ነገር አይገልጽም። በራሱ የሚለጠፈው ፊርማም የግል ስልክ እንዳይዝ መታየት አለበት።

የአቤቱታ ወይም የማረጋገጫ ሥርዓት የሚያስተዳድሩ የአይቲ ባለሙያዎች ድርሻ ደግሞ ሌላ ነው። ሥርዓታቸው በሚልከው ላይ `Auto-Submitted` ን ይለጥፍ፤ በሚቀበለው ላይ ካገኘው አይመልስ፤ ለአንድ አድራሻ በሰዓት የሚልከውም መልስ ጣሪያ ይኑረው። ጣሪያው ሌሎቹ ፍሬኖች ሲከሽፉ ጉዳቱን በጥቂት መልዕክት የሚገታ የመጨረሻ መከላከያ ነው።

ፈቃድ ከመውጣትዎ በፊት አምስት ደቂቃ የሚፈጅ ፈተና አለ። መልሱን ካበሩ በኋላ በአድራሻ መዝገብዎ ውስጥ ከሌለ የውጭ ኢሜይል ለራስዎ ሁለት ጊዜ ይጻፉ። ለሚያውቋቸው ብቻ እንዲሄድ ካደረጉት ምንም መምጣት የለበትም፤ ለሁሉም ከከፈቱት አንድ ብቻ መምጣት አለበት። ሁለት ከመጣ ትውስታ የለውምና ያጥፉት፤ የአይቲ ክፍልን ያማክሩ። አንድ ከመጣ ደግሞ ጽሑፉን ፈጽሞ እንደማያውቅዎት ሰው ሆነው ያንብቡትና ከእሱ ስለ እርስዎ ምን ምን እንደተረዱ ይቁጠሩ። ለማያውቁት ሰው በስልክ የማይናገሩትን ነገር እዚያ ካገኙ፣ ሳይወጡ በፊት ያውጡት።